የሮስተሩ 62 እና የፈተናው 62

ሴሚስተር ሲያልቅ የክፍል ኃላፊው መምህር ሮስተሩን ከፍቶ ይቀመጣል። የየትምህርቱ መምህራን ማርክ ሊስታቸውን ከፊሎቹ በፍላሽ፣ ከፊሎቹ በቴሌግራም ይልኩለታል። ፋይሎቹ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን የያዙ ቢሆኑም በተለያየ ሰው እጅ፣ በተለያየ ጊዜ የተጻፉ ናቸው። የሚቀረው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ተማሪ የፈተና ውጤት ከአንዱ ፋይል ወስዶ በሌላው ፋይል በስሙ ትይዩ ማስቀመጥ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስሞቹንና ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ስህተቶቹ ግን ሮስተር የሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ክፍሉ 9ኛ «ለ» ነው። ሮስተሩ ላይ 62 ተማሪዎች አሉ፤ ከ60 የሚታሰበው ተከታታይ ምዘናም ተሞልቷል። የሒሳብ መምህሩ የላኩት ሺት ከ40 የተያዘውን የማጠቃለያ ፈተና ውጤት የያዘ ሲሆን እሱም ላይ 62 ስሞች አሉ። ሁለቱም በፊደል ተራ ተደርድረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወስደው አቋራጭ ይታወቃል። የውጤቱን ዓምድ ኮፒ አድርጎ ሮስተሩ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞችና የመጨረሻዎቹን አምስት ስሞች አይቶ «ልክ ነው» ማለት።

የስሞቹ ብዛት እኩል መሆኑ ግን ስሞቹ አንድ መሆናቸውን አያሳይም። በእኛ ምሳሌ ሮስተሩ ላይ 19ኛ የሆነችው ተማሪ ፈተናውን ስላልተፈተነች የፈተናው ሺት ላይ ስሟ የለም። በአንጻሩ ከሌላ ሴክሽን መጥቶ እዚህ የተፈተነ አንድ ልጅ በፈተናው ሺት ላይ 44ኛ ሆኖ ገብቷል። አንድ ጎደለ፣ አንድ ተጨመረ፣ ድምሩ 62 ሆኖ ቀረ። ዓምዱ እንዳለ ከተለጠፈ 19ኛዋ የ20ኛውን ውጤት ትወስዳለች፣ 20ኛው የ21ኛውን፤ እንዲህ እያለ እስከ 44ኛው ድረስ 26 ተማሪዎች የሌላ ሰው ውጤት ይዘው ይቀመጣሉ። ከላይና ከታች ያሉት ስሞች ግን ከውጤታቸው ጋር ልክክ ይላሉ። በዚያ ላይ የፊደል ተራው ራሱ አይታመንም። አንዱ መምህር «ሠናይት»፣ ሌላው «ሰናይት» ብሎ ከጻፈ፣ የመጀመሪያዋ ከ«ረ» ስሞች በፊት፣ ሁለተኛዋ ከ«ረ» ስሞች በኋላ ትሰለፋለች።

ስለዚህ ውጤቱን በቦታው ሳይሆን በስሙ ፈልጎ የሚያመጣ ፎርሙላ ያስፈልጋል። ኤክሴል ላይ ለዚህ በብዛት የሚሠራበት VLOOKUP ነው። መጀመሪያ የፈተናውን ሺት ወደ ሮስተሩ ፋይል ማምጣትና ስሙን Exam ማለት ይሻላል፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን በፎርሙላ ማገናኘት ይቻላል፣ ግን አንደኛው ፋይል ቦታ በቀየረ ቁጥር ጣጣ አለው። የሮስተሩ ሺት Roster ይባል። በእሱ ላይ A ተራ ቁጥር፣ B ስም፣ C ተከታታይ ምዘና ነው፤ D ባዶ ሆኖ የፈተናውን ውጤት ይጠብቃል። Exam ላይ ደግሞ A ስም፣ B ውጤት ነው። ከዚያ በRoster D2 ላይ ይህ ይጻፋል፦

```
=VLOOKUP(B2,Exam!$A$2:$B$63,2,FALSE)
```

ትርጉሙ እንዲህ ነው። B2 ላይ ያለውን ስም ያዝ፤ Exam ላይ ከ2ኛው እስከ 63ኛው ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ውስጥ ፈልገው፤ ስታገኘው በዚያው ረድፍ ላይ በ2ኛው ዓምድ ያለውን አምጣልኝ። በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ በኮማው ፈንታ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ የያዘው የእንግሊዝኛ ምልክት ያስፈልጋል፤ ፎርሙላው አልቀበልም ካለ መጀመሪያ እሱን መሞከር ነው።

ከዚህ ፎርሙላ ውስጥ ሁለት ነገሮች ችላ ከተባሉ ሥራው ይበላሻል። አንደኛው የዶላር ምልክቱ ነው። ፎርሙላውን ወደ ታች ስንጎትተው B2 ወደ B3፣ B4 እያለ መሄድ አለበት፤ የምንፈልግበት ሰንጠረዥ ግን ባለበት መቆም አለበት። ዶላሩ ከሌለ 40ኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ሰንጠረዡ ከA40 እስከ B101 ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ የተጻፉት ስሞች ከፍለጋው ውጪ ሆነዋል ማለት ነው። ምልክቱ ወደ ታች በወረድን ቁጥር «አላገኘሁም» የሚለው መልስ እየበዛ መሄዱ ነው።

ሁለተኛው FALSE ነው። «አንድ ዓይነት የሆነውን ብቻ አምጣ» ማለት ነው። እሱን ትተን ቅንፉን ከዘጋን ኤክሴል በራሱ ጊዜ TRUE እንዳልነው ይቆጥረዋል፤ የሚፈልገውን ስም ባያገኝም በተራው ከዚያ በፊት የሚመጣውን ስም ውጤት ያመጣል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሺቱ ሙሉ ሆኖ፣ አንድም ቀይ ነገር ሳይታይበት፣ በሐሰት ውጤት ይሞላል። ኤክሴል 2021 ወይም ማይክሮሶፍት 365 ያለው ሰው XLOOKUP በሚለው አዲሱ ፎርሙላ ቢጠቀም ከዚህ ችግር ይድናል፤ እሱ ካልታዘዘ በቀር ትክክለኛውን ስም ብቻ ነው የሚፈልገው። በየትምህርት ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን አሮጌ ኤክሴል የጫኑ ስለሚበዙ እዚህ በVLOOKUP እንቀጥላለን።

ፎርሙላውን ጎትተን ጨረስን። ከ62ቱ 47ቱ ውጤት አገኙ፤ 15ቱ ላይ `#N/A` ወጣ። ይህን ሲያዩ ብዙዎች ፎርሙላው የተበላሸ ይመስላቸዋል። አልተበላሸም። «በዚህ አጻጻፍ ያለ ስም የለም» እያለ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ምክር አለ፤ IFERROR በሚባለው ፎርሙላ ሸፍነው፣ ስህተቱ አይታይም የሚል። በበኩሌ በዚህ ደረጃ ላይ ይህን የሚመክር ሰው ምክሩን ለራሱ ቢይዘው ደስ ይለኛል። 15ቱ የምንሠራባቸው ስሞች ናቸውና ይታዩ።

ከ15ቱ አንዱን እንውሰድ፤ ዳዊት መኮንን። ሮስተሩ ላይ አለ፣ Exam ላይም በ17ኛው ረድፍ ላይ አለ፤ በዓይን ሲያዩት አንድ ፊደል አይለያይም። ታዲያ ለምን አልተገኘም? አንድ ባዶ ሴል ላይ ይህን ጽፈን እንየው፦

```
=LEN(Exam!A17)
```

ዳዊት ሦስት ፊደል፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ መኮንን አራት ፊደል፣ በድምሩ 8 መሆን ነበረበት። የመጣው 9 ነው። ከመጨረሻው «ን» በኋላ የማይታይ ነገር አለ። ምን እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል፦

```
=UNICODE(RIGHT(Exam!A17,1))
```

መልሱ 32 ከሆነ ተራ ስፔስ ነው፤ ስሙን የጻፈው ሰው ልማድ ሆኖበት ስፔስ ተጭኖ አልፏል። 160 ከሆነ ከኢንተርኔት ገጽ ወይም ከዎርድ ኮፒ ሲደረግ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ስፔስ ነው፤ ሲያዩት ከመጀመሪያው አይለይም፣ ለኤክሴል ግን ሌላ ፊደል ነው። ስም መሐል ላይ ያለውን ክፍተት በዚሁ መንገድ ስንጠይቅ 4961 ከመጣ ደግሞ ሁለት ነጥባችን ነው፤ «ዳዊት፡መኮንን» ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። ትንሽ በሆነ የፊደል መጠን ላይ እሱም ቢሆን ዓይን ያመልጣል።

ለስፔስ የተሠራ TRIM የሚባል ፎርሙላ አለ፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ስፔስ ያወጣል፣ መሐል ላይ የተደጋገመውን አንድ ያደርጋል። 160ውን ግን አይነካም። ሌላም ጉድለት አለበት፤ አንዱ መምህር «ገብረ ማርያም»፣ ሌላው «ገብረማርያም» ብሎ ከጻፈ TRIM ሊያስታርቃቸው አይችልም። ለእኛ ስሞች የሚሻለው ክፍተትን በሙሉ ማጥፋት ነው። ስሙ ራሱ አይነካም፤ ከጎኑ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ እንከፍታለን፣ «ቁልፍ» እንበለው። VLOOKUP የሚፈልገው በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ውስጥ ብቻ ስለሆነ Exam ላይ ቁልፉ ከስሙ በፊት መምጣት አለበት። ስለዚህ እዚያ A ላይ አዲስ ዓምድ እናስገባለን፤ ስሙ ወደ B፣ ውጤቱ ወደ C ይገፋል። Roster ላይ ቁልፉን F ላይ እናደርገዋለን። አሁን በሁለቱም ሺት ስሙ B ላይ ስለሆነ አንዱ ፎርሙላ ለሁለቱም ይሠራል፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"፡","")," ",""),UNICHAR(160),"")
```

ሁለት ነጥቡን አጥፋ፣ ስፔሱን አጥፋ፣ 160ውንም አጥፋ። «ዳዊትመኮንን» የሚል ይመጣል። በስም ፈንታ በቁልፉ ስንፈልግ ፎርሙላው እንዲህ ይሆናል፦

```
=VLOOKUP(F2,Exam!$A$2:$C$63,3,FALSE)
```

አምስት ስሞች ተገኙ። 10 ቀሩ።

ከቀሩት ውስጥ ስድስቱ የፊደላችን ጉዳይ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ የኤክሴል መማሪያ የማያነሳው ጉዳይም ይህ ነው። ሮስተሩ ላይ «ፀሐይ ኃይሉ» ያለችው ልጅ Exam ላይ «ጸሀይ ሀይሉ» ናት። ለአንባቢ አንድ ስም ነው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አያውቅም፤ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ጸ 4920 ነው፣ ፀ 4928 ነው፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በሁለቱ ጸ እና በስድስቱ ሀ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል፤ «ኃይሉ» በራሱ 6 አለው፤ ስለዚህ የዚህች ልጅ ስም ከነአባቷ በ72 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፣ ሲነበብ ግን ሁሉም አንድ ነው። በተግባር ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ናቸው የሚያጋጥሙት፤ ፎርሙላውን ለማሳት ግን ሁለት ይበቃሉ።

መፍትሔው ቁልፉን ስንሠራ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው። የቀድሞውን ፎርሙላ እንዳለ ይዘን በላዩ ላይ እንጨምራለን፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(
 SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"፡","")," ",""),UNICHAR(160),""),
 "ሐ","ሀ"),"ኃ","ሀ"),"ሠ","ሰ"),"ፀ","ጸ")
```

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ሠ» ተተካ ማለት «ሣ» እና «ሥ» ተተኩ ማለት አይደለም። በላቲን ፊደል አንዱን ተነባቢ መተካት ይበቃ ይሆናል፤ በእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። ስለዚህ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» እንዲገናኙ `"ሥ","ስ"` የሚል ሌላ SUBSTITUTE ያስፈልጋል። «ዓለሙ» እና «አለሙ» እንዲገናኙም `"ዓ","አ"` መጨመር አለበት፤ ራብዑ ወደ ግዕዙ የሚመጣው በዚህ ድምፅ አ እና ኣ ስለማይለያዩ ነው። ከኤክሴል 2007 ወዲህ እስከ 64 ፎርሙላ እርስ በርሱ መደራረብ ይቻላልና ቦታ አይጠብም፤ ሆኖም ሁሉንም መጻፍ ሳያስፈልግ በክፍሉ ስሞች ውስጥ ያሉትን ብቻ ማስገባት ይበቃል። አንዴ የተሠራ ፎርሙላ ለሚቀጥለው ሴሚስተርም ያገለግላል።

እዚህ ላይ «ለምን ስሞቹን ራሳቸውን አናስተካክልም?» የሚል ይኖራል። የተማሪው ስም እንዴት ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው የምዝገባ ሰነዱ ነው። ካርዱም ትራንስክሪፕቱም የሚሠራው ከሮስተሩ ነው፤ ፎርሙላ እንዲመቸው ብለን «ኃይሉ»ን «ሀይሉ» ካደረግነው ልጁ ከዓመታት በኋላ የሁለት ሰነዶች ስም አልገጠመም ተብሎ ሲመላለስ የሚውል እሱ ነው። ቁልፉ ግን ከሥራው በኋላ የሚደበቅ ዓምድ ስለሆነ እንዴትም ቢጻፍ የሚጎዳው ሰው የለም።

ስድስቱ ተገኙ፤ አራት ቀሩ። ከአራቱ ሦስቱ አሕጽሮት ናቸው። ሮስተሩ «ወልደማርያም» ይላል፣ የሒሳብ መምህሩ «ወ/ማርያም» ብለዋል። ሌሎቹ ሁለቱ «ኃ/ሚካኤል» እና «ተ/ማርያም» ናቸው። «ወ/»ን በ«ወልደ» ይተካ ብሎ ፎርሙላ መጻፍ ያጓጓል፤ ግን የሆነ ዝርዝር ላይ «ወ/ሪት» የሚል ማዕረግ ካለ ልጅቷ «ወልደሪት» ሆና ትገኛለች። «ተ/ማርያም» ደግሞ ተክለማርያምም ተስፋማርያምም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ኤክሴል የሚያውቅበት መንገድ የለም፣ የክፍል ኃላፊው ግን ያውቃል። ሦስት ስም በእጅ ማስተካከል ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። Exam ላይ በA ዓምድ ያለውን የእነዚህን ልጆች ቁልፍ አጥፍቶ የሮስተሩን ቁልፍ መጻፍና፣ በእጅ የተነካ መሆኑ እንዲታወቅ ሴሉን ቢጫ መቀባት ነው። ስሞቹ አንዱ ሺት ላይ በአማርኛ፣ ሌላው ላይ በእንግሊዝኛ ከሆኑም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ «መሐመድ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ሰው ስንት ዓይነት አድርጎ እንደሚጽፈው የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

የቀረችው አንዲት `#N/A` የ19ኛዋ ተማሪ ናት፤ እውነትም አልተፈተነችም። እዚያ ላይ በእጅ «አልተፈተነችም» ብለን እንጻፍ፤ `#N/A` ያለበት ዓምድ ሊደመር ስለማይችል ለሚቀጥለው ሥራ ያስቸግረናል።

ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ፋይሉን የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ያረምነው ግን ራሱ «አለሁ» እያለ የጮኸውን ስህተት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ውጤት አገኙ ያልናቸውን 47ቱን ማንም አላያቸውም። እነሱን የምንፈትሽበት ዘዴ በሒሳብ አያያዝ የቆየ ነው፤ ከወጣው ቦታና ከገባው ቦታ ያለውን ድምር ማስተያየት።

ከመደመር በፊት Exam ላይ ያሉት ውጤቶች በእርግጥ ቁጥር መሆናቸውን እንይ። COUNT ቁጥር የሆኑትን ሴሎች ብቻ ይቆጥራል፤ COUNTA ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል።

```
=COUNT(Exam!C2:C63)
=COUNTA(Exam!C2:C63)
```

የመጀመሪያው 58፣ ሁለተኛው 61 አለ። ሦስት ሴሎች ቁጥር መስለው የተቀመጡ ጽሑፎች ናቸው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴሉ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ተብሎ ስለተመደበ የሚመጣ ነው። ዓይን ለለመደው ሰው ይታያሉ። አሰላለፉን ማንም ካልነካው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል፤ ጥጉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘንም ሊኖር ይችላል። ክፋታቸው SUM እያያቸው ሳይደምራቸው ማለፉ ነው። የC ዓምድን መርጦ Data ከሚለው ዝርዝር Text to Columns ውስጥ ገብቶ ወዲያው Finish ማለት ወደ ቁጥር ይመልሳቸዋል። አሁን COUNT እና COUNTA ሁለቱም 61 ሆኑ። 62 ስም፣ 61 ውጤት፤ አንድ ባዶ ሴል አለ። እሱን በቃላችን እንያዝ።

አሁን ድምሩን እናስተያይ። Exam ላይ ያሉት ውጤቶች 1,642 መጡ። Roster ላይ D ዓምድ 1,627 መጣ። 15 ጎደለ። ከሌላ ሴክሽን የመጣ ልጅ እንዳለ ሳናውቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ነው የሚነግረን። ማን እንደሆነ ለማግኘት በተቃራኒው እንጠይቃለን፤ Exam ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ ሮስተሩ ላይ ስንት ጊዜ አለ? በExam D2 ላይ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=COUNTIF(Roster!$F$2:$F$63,A2)
```

ሁሉም 1 መሆን አለበት። አንደኛው ስም ላይ 0 ወጣ፤ እንግዳው ልጅ እሱ ነው፣ ውጤቱም 27 ነው። የእሱ ውጤት ወደ ክፍሉ ኃላፊ መላክ አለበት፤ ከእኛ ሒሳብ ግን ይወጣል። 1,642 ሲቀነስ 27፣ 1,615። ሮስተሩ ላይ ያለው ግን 1,627 ነው። እንግዲህ የጎደለ መስሎን የነበረው በእርግጥ በ12 የበለጠ ነው። ካልተፈተኑበት ፈተና 12 ነጥብ ያገኘ አለ ማለት ነው።

መልሱ እዚያው የCOUNTIF ዓምድ ላይ አለ። ሁለት ቦታ 2 የሚል ቁጥር ወጥቷል፤ ሁለቱም ላይ ያለው ስም «ሰላም ተስፋዬ» ነው። ክፍሉ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ተማሪዎች አሉ። VLOOKUP ከላይ ወደ ታች ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፤ ሁለተኛ መኖሩን አይመለከትም። ስለዚህ ለሁለቱም የመጀመሪያዋን 31 ሰጣቸው። የሁለተኛዋ እውነተኛ ውጤት 19 ነው፤ 31 ሲቀነስ 19፣ 12። `#N/A` አልወጣም፣ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን አልታየም። እንዲያውም እነዚህ ሁለቱ ገና በመጀመሪያው ሙከራ «ከተገኙት» 47 ውስጥ ነበሩ።

ለእነሱ ቁልፉ ላይ የአያት ስም መጨመር ግድ ነው፤ በሁለቱም ሺት። Exam ላይ የአያት ስም ስለሌለ የትኛዋ 31፣ የትኛዋ 19 እንዳገኘች ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም፤ ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል። የሮስተር ተራ ቁጥራቸው ወረቀቱ ላይ ካለ ይረዳል፤ ግን እሱንም በጥንቃቄ ነው። ዘግይቶ የተመዘገበ ተማሪ ገብቶ ሮስተሩ እንደገና በፊደል ተራ ከተደረደረ በኅዳር 31 የነበረችው በጥር 32 ትሆናለች። ትምህርት ቤቱ ለተማሪው አንዴ ሰጥቶ የማይቀይረው የመለያ ቁጥር ካለውና መምህራኑ ማርክ ሊስታቸው ላይ እሱን ከጻፉ፣ እስካሁን በቁልፍ የለፋንበት ሥራ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር፤ VLOOKUP በዚያ ቁጥር ይፈልጋል፣ ሀም ሐም ጣጣ አይሆንም።

ድምሩ ገጠመ፤ 1,615። ይሁንና በቃላችን የያዝነው ባዶ ሴል አለ። ሮስተሩ ላይ D ዓምድን በCOUNT ስንቆጥር 61 ቁጥር አለ ይላል። ከ61ዱ የExam ውጤቶች የእንግዳው ሲወጣ 60 መሆን ነበረበት። ድምሩን ሳይነካ ብዛቱን በአንድ የጨመረ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ዜሮ። ታሞ የቀረ አንድ ልጅ ስሙ Exam ላይ አለ፣ የውጤት ሴሉ ግን ባዶ ነው። VLOOKUP ባዶ ሴል ሲያመጣ 0 አድርጎ ያሳየዋል። ያልተፈተነ ልጅና ተፈትኖ ዜሮ ያገኘ ልጅ ሮስተሩ ላይ አንድ ሆኑ። ፎርሙላው ባዶውን እንዲለይ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

```
=IF(VLOOKUP(F2,Exam!$A$2:$C$63,3,FALSE)="","አልተፈተነ",
 VLOOKUP(F2,Exam!$A$2:$C$63,3,FALSE))
```

ይህን ፎርሙላ ወደ ታች ስንጎትተው ቅድም ለ19ኛዋ በእጅ የጻፍነውን እንዳያጠፋው መዝለል ነው። ከዚያ ተከታታይ ምዘናውንና ፈተናውን ከ100 ስንደምር C2+D2 ብሎ መጻፍ እመርጣለሁ። «አልተፈተነ» ያለበት ረድፍ ላይ `#VALUE!` ይወጣል፤ SUM ግን ጽሑፉን ዘልሎ የተከታታይ ምዘናውን ብቻ እንደ ሙሉ ውጤት ያስቀምጥና ልጁ በ38 የወደቀ ያስመስለዋል።

ሮስተሩ ለሪከርድ ክፍል ከመላኩ በፊት የD ዓምድ ኮፒ ተደርጎ እዚያው ላይ በPaste Special ውስጥ Values በሚለው ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ Exam ቢጠፋ ወይም ቢነካካ ውጤቱ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ልጆች የማካካሻ ፈተና የሚወስዱ ከሆነ ግን እስከዚያ ድረስ ፎርሙላው ቢቆይ ይሻላል። ታሞ የቀረው ልጅ ውጤት Exam ላይ ባዶው ሴል ውስጥ ሲገባ ሮስተሩ ራሱ ይሞላል። 19ኛዋ ግን Exam ላይ ረድፍ የላትም፤ ስሟ ከዝርዝሩ ግርጌ በ64ኛው ረድፍ ላይ ከተጻፈ ፎርሙላው የሚያየው እስከ 63 ብቻ ስለሆነ አያገኛትም። መሐል ላይ አዲስ ረድፍ አስገብቶ ስሟን እዚያ መጻፍ፣ ቁልፏን መሥራት፣ ከዚያ ሮስተሩ ላይ በእጅ የተጻፈውን «አልተፈተነችም» አጥፍቶ ከላይኛው ሴል ፎርሙላውን መጎተት ያስፈልጋል።